አንድ ነገር የሚደብቅ ተራኪና ያነበብነውን የሚገለብጥ መጨረሻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ላይ አጭር ልብ ወለድ ከሚሞክሩ ልጆች የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ምሳሌዎቹን ሁሉ ደጋግሜ ከጻፍኩት ከአንድ ታሪክ ስለወሰድኩ መጨረሻውን እዚሁ አወጣዋለሁ።

ተራኪው አንድ ነገር የሚደብቅበት ታሪክ ሲባል ምን ማለት ነው?

ተራኪው «እኔ» እያለ ያወራል። የሚያወራው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ አይናገርም። መጨረሻ ላይ ያቺ ነገር ስትወጣ አንባቢው ቀደም ብሎ ያነበባቸው ትዕይንቶች ሌላ ሆነው ይታዩታል። የተደረገው ነገር ያው ነው፣ የተባለውም ቃል ያው ነው። የተለወጠው ትርጉሙ ነው።

የኔ ታሪክ ይሄ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ አንዲት አሮጊት ከመጋላ አሳፍሮ የደቻቱን ወንዝ ይሻገርና ከዚራ ወዳለው የድሮው ባቡር ጣቢያ ይወስዳታል። ጅቡቲ ሊሠራ የሄደ ልጇን ልትቀበል ነው የምትሄደው። ያ ባቡር መምጣት ካቆመ ቆይቷል። ሲመሽ «ዛሬም ዘገየ» ትላለች፣ ይመልሳታል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ጤና ጣቢያ ይወስዳታል። ቅጽ ይሰጡታል። «ዝምድና» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ «ልጅ» ብሎ ይጽፋል። እናቱ ናት። የመርሳት በሽታ ይዟት ልጇን ለይታ አታውቀውም፤ እሱም ይህን አንድም ቦታ አልነገረንም።

የሚደበቀው ምን ዓይነት ነገር መሆን አለበት?

ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ይፈልጋል። ሾፌሩ ሌባ ሆኖ ይገኛል፣ ባጃጇ የተሰረቀች ናት፣ ወዘተ። ያስደነግጥ ይሆናል፤ ግን ወደ ኋላ ሄዳችሁ ታሪኩን ስታዩት ምንም አልተነካም። አሮጊቷን ያሳፈረበት ትዕይንት ያው ሾፌር ተሳፋሪ ያሳፈረበት ትዕይንት ነው። የሚደበቀው ነገር በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለ ነገር ሲሆን ግን ሁለቱ አብረው ያሉበት መስመር ሁሉ ይነካል። ሂሳቧን የመለሰበት፣ እጇን የያዘበት፣ ዝም ያለበት ሁሉ።

አንድ ነገር ብቻ ደብቁ። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ሁለት ደብቄ ነበር፤ እናቱ መሆኗንና እህቱ መሞቷን። ያነበቡልኝ ልጆች ሲጨርሱ «ዋናው የቱ ነው?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሁለተኛው ምስጢር የመጀመሪያውን ጉልበት በላው። እህትየዋን ከነታሪኳ አወጣኋት።

ይሄ አንባቢን መዋሸት አይደለም ወይ?

ተራኪው የሐሰት ዓረፍተ ነገር ካወጣ አዎ፣ ሸወዳ ነው፤ አንባቢም አይምራችሁም። ዝም ማለት ግን መዋሸት አይደለም። ልዩነቱ በአንድ መስመር ላይ በደንብ ይታያል። አሮጊቷ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች፣ መሽቷል። ተራኪው «ልጇ ዛሬም አልመጣም» ብሎ ቢነግረን ዋሽቷል፤ ልጇ አጠገቧ ቆሟል። «ልጇ እንዳልመጣ ታስባለች» ቢል አልዋሸም፤ ግን «ታስባለች» የምትለዋ ቃል ነገሩን አፈሳሰሰችው። እኔ የተጠቀምኩት ይሄንን ነው፦

«ዛሬም አልመጣም» አለች። ሞተሩን አስነሳሁ።

እሷ ብላዋለች፣ ስለዚህ እውነት ነው። እሱ የነገረን የሰማውንና ያደረገውን ብቻ ነው። ከዚህ የወጣው ደንቤ ቀላል ነው፦ ስለ ልጁ የሚባለው ሁሉ ከሷ አፍ ይውጣ። በተራኪው የራሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ልጇ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ቆጥሬአለሁ።

ሌላው ወጥመድ የተራኪው ሐሳብ ነው። «ይህቺ ሴት ማን ትሆን እያልኩ አስብ ነበር» ካስባላችሁት አለቀ፣ ያንን በምንም ልትመልሱት አትችሉም። ጭንቅላቱ ውስጥ ስትገቡ ስለ መንገዱ፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ሙቀቱ ያስብ። ሰው ደግሞ በጣም የከበደውን ነገር እያሰበ አይነዳም።

ተራኪው ለምን አይናገርም? ደራሲው ስለፈለገ ብቻ ነው?

ደራሲው ስለፈለገ ብቻ ከሆነ አንባቢ ይሸተዋል። ተራኪው ዝም ያለበት የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፤ ያ ምክንያትም ታሪኩ መጨረሻ ላይ ሲታወቅ «ሌላስ ምን ማድረግ ይችል ነበር?» የሚያሰኝ መሆን አለበት።

የኔው ሾፌር አንድ ጊዜ ነግሯታል። «እኔ እኮ ነኝ» ብሏት፣ የማታውቀው ወንድ ቤቷ ገብቶ «ልጅሽ ነኝ» ያላት መስሏት በባዶ እግሯ ወደ ጎረቤት ሮጣለች። ከዚያ ቀን በኋላ ቃሉን አላወጣም። ይሄ ታሪኩ ውስጥ በሁለት መስመር ብቻ አለ፤ ያውም ጎረቤትየዋ ስትናገር፦ «ያን ለታ በባዶ እግሯ መጥታ፣ ‹ቤት ውስጥ ሰው አለ› አለችን፤ ሌባ መስሎን ወጣን።» መጀመሪያ ሲነበብ የአንዲት አሮጊት ቅዠት ነው። እንዲህ ሲሆን ለኛ ያልነገረን ለሷም ስለማይነግራት ነው። ዝምታው ከኔ ብልጠት አልመጣም፣ ከልምዱ መጣ።

በአማርኛ ግሱ ሁሉን ነገር ይናገራል። እንዴት ልደብቅ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝም ይሄው ነው። አማርኛ ላይ «እኔ» ጾታ የለውም፤ ነገር ግን ሌላ ሰው ተራኪውን አንዴ «ነይ» ወይም «ና» ካለው ታውቋል። የሞተ ሰው ሕያው ለማስመሰል ከፈለጋችሁ «ነበር» ያጋልጣችኋል። ዝምድና ለመደበቅ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ከአማርኛ የተሻለ ቋንቋ ያለ አይመስለኝም።

ምክንያቱም ባጃጅ ነጂ የማያውቃትን አሮጊት ሁሉ «እናቴ» ይላል። እሷም ሾፌሩን «ልጄ» ትለዋለች። እውነቱ ሁለቱ ከተገናኙበት መስመር ጀምሮ ሜዳ ላይ ተሰጥቷል፤ የሚያየው ግን የለም፣ ትህትና ነውና። ስትሳፈር የሚባባሉት እንዲህ ነው፦

«ግቢ እናቴ።»
«ተባረክ ልጄ። ዛሬ ቶሎ እንድረስ፣ ይመጣል።»

ሁለት ቃል ነው የደበቅኩት፣ ሁለቱንም ያስቀመጥኳቸው አንባቢው ዓይን ላይ ነው።

ችግሩ አንቱታው ላይ መጣ። ልጅ እናቱን «አንቺ» ይላል። ሾፌር የማያውቃትን አሮጊት ግን «እርስዎ» ማለት አለበት፤ ትረካውም «አለች» ሳይሆን «አሉ» መሆን ነበረበት። ታሪኩን ጎንደር ወይም ደብረ ማርቆስ ባስቀምጠው ኖሮ የመጀመሪያዋ «ግቢ» ላይ አንባቢው ቀጥ ይል ነበር። ወይ ባለጌ ሾፌር ነው፣ ወይ እናቱ ናት። ድሬ ላይ ግን አንቱታ ያን ያህል አይጠበቅም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለት የተለመደ ነው። ታሪኩ ድሬዳዋ ላይ የሆነው እኔ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም።

ሆኖም ታሪኩን የሚያነበው የድሬ ሰው ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ አንባቢ እንዳይጠራጠር እሷ ከመግባቷ በፊት አንድ ሽማግሌ አሳፈርኩ። ቀፊራ ገበያ ጆንያ ተሸክሞ ቆሟል፤ ሾፌሩ «ና ግባ አባቴ፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግ» ይለዋል። ሽማግሌው ታሪኩ ውስጥ ሌላ ሥራ የለውም። የመጣው አንባቢውን «እዚህ አገር እንዲህ ነው የሚወራው» ሊያስተምር ነው። እናትየዋ ስትመጣ «ግቢ» ማንንም አይቆረቁርም።

ሦስተኛዋ ነገር ትንሽ ናት። «ቤቷ» ወይስ «ቤታችን»? ሁለቱም ችግር አላቸው፤ «ቤቷ» ግማሽ ውሸት ነው፣ «ቤታችን» ምስጢሩን ያወጣል። አማርኛ ግን «ቤቱ» የምትል ቃል ሰጥቶናል። «ወደ ቤቱ መለስኳት» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የማን ቤት እንደሆነ አይናገርም፣ አንባቢም አይጠይቅም። «በሩ»፣ «ደረጃው»፣ «ቁልፉ» ሁሉ እንዲሁ ሄዱልኝ።

ፍንጭ ስንት ላስቀምጥ? የትስ?

ለአጭር ታሪክ ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ፍንጭ በመጀመሪያ ንባብ የራሱ ንጹሕ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው። ምክንያት የሌለው ፍንጭ ሲነበብ ይጎረብጣል፣ አንባቢም ይነቃል።

ከኔዎቹ የምወደውን ላሳያችሁ። ጣቢያው ጋ ሲደርሱ ሂሳብ ልትከፍለው ትፈልጋለች፦

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። አስር ብር ናት፣ አራት ተጣጥፋ። ተቀበልኳት። ሲመሽ ባጃጅ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ብሯን እዚያው ጫፍ ላይ መልሼ ቋጠርኩና ፍየሏ መሐል መንገድ ላይ ስትቆምብኝ ጥሩንባ ነፋሁ፤ ብድግ አለች።

በመጀመሪያ ንባብ ደግ ሾፌር ነው። በሁለተኛው ደግሞ ያቺው አስር ብር ለስንተኛ ጊዜ እንደተፈታችና እንደተቋጠረች ትጠይቃላችሁ። ፍየሏን ልብ በሉ። ፍንጩ ያለው ዓረፍተ ነገሩ መሐል ነው፤ ወዲያው ተከትሎት የሚጮህ ነገር መጣ። ፍንጭን አንቀጽ መጨረሻ ላይ ብቻውን ካስቀመጣችሁት መብራት እንዳበራችሁበት ቁጠሩት።

ሁለተኛዋ ፍንጭ አንዲት ፊደል ናት ማለት ይቻላል። ጠዋት ጎረቤትየዋ በር ላይ ቆማ «እንዴት አደራችሁ?» ትላለች። ሁለት ሰው ስላየች ለሁለት ሰው ሰላምታ ሰጠች፤ ያ ነው መጀመሪያ የሚታየው። ሾፌሩ በጠዋት ለምን እዚያ እንደተገኘ የጠየቀኝ አንባቢ እስካሁን አንድ ብቻ ነው። ሦስተኛዋ በሁለት ቦታ የተከፈለች ናት። እናትየዋ ልጇ በሰባት ዓመቱ ምጣድ ነክቶ ቀኝ እጁን እንዳቃጠለ ታወራለች። ከዚያ በፊት፣ ሁለት ገጽ ቀደም ብሎ፣ ሾፌሩ ሲያማርር የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት አልታጠፍ እያለች ነዳጅ ሲሰጥ እንደምታስቸግረው ነግሮናል። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ባደርጋቸው ልጅ እንኳ ይገጣጥማቸዋል። ቅደም ተከተሉም ሆን ተብሎ ነው፤ ጣቷ መጀመሪያ ስትመጣ ማንም ልብ አይላትም።

አንባቢ ቀድሞ ቢያውቅብኝስ?

አንባቢ ባዶ እጁን አይጠብቅም፤ መልስ ካልሰጣችሁት ራሱ ይፈልጋል። ስለዚህ ሌላ መልስ እንዲያገኝ ተዉት። እኔ ጋ አንባቢው ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ «ልጁ ሞቷል» ብሎ ወስኗል። ይህን ያሰበው ደቻቱን ሲሻገሩ እሷ ዓይኗን ስለምትጨፍን ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበትን የሚያስታውስ ሁሉ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል። እኔ ግን ልጁ በጎርፍ ሞተ አላልኩም፤ ያ ሌሊት ያለፈበት የከተማው ሰው ድልድዩ ላይ ዓይኑን ቢጨፍን ምንም አይገርምም። የተሳሳተውን መልስ በሐሰት ማስረጃ አትመግቡት። እውነተኛ ነገር አስቀምጡለትና የራሱን መደምደሚያ ይስጥ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ያ ጎርፍ ለብዙ ቤት ሐዘን ነው። ማሳሳቻ ላድርገው ብላችሁ ሬሳ ባትደረድሩ ጥሩ ነው። የኔው ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፣ የተጨፈነ ዓይን።

ከአስር አንባቢ አንዱ ወይም ሁለቱ ቢነቁ አትደንግጡ። ዝምድናውን ቀድሞ ያወቀ ሰው ታሪኩ ሲያልቅ ምን ቀረው? ይህን ጠይቁ። ቀድሞ የነቃብኝ ልጅ «ጽፎ ሲሰጣት ምን ትል ይሆን ብዬ ነው የጨረስኩት» አለኝ። መጨረሻው ለሱም ሠርቷል ማለት ነው። ምስጢሩ ሲታወቅ የሚሞት ታሪክ እንቆቅልሽ ነው፤ እንቆቅልሽ ደግሞ ሁለተኛ አይጠየቅም።

መጨረሻ ላይ እንዴት ላውጣው?

በአንድ ነገር፣ በትንሽ ነገር፣ ቶሎ። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ሾፌሩ ገጽ ተኩል ሙሉ ያብራራ ነበር፤ እንዴት እንደታመመች፣ ስንት ሐኪም እንዳየች፣ ያ አስር ብር ምን እንደነበረ። አንባቢው ራሱ ሮጦ ወደ ኋላ ሊሄድ ሲነሳ እጁን ይዤ ማስቀመጥ ነበር። ሁሉን አወጣሁት። የቀረው ይሄ ነው፦

ስሟን ጻፍኩ። ዕድሜ፣ 71። ቀበሌውን ጻፍኩ። «የአስታማሚ ዝምድና» ይላል። «ልጅ» ብዬ ጻፍኩ።
«ጨረስክ ልጄ?»
«ጨረስኩ እናቴ።»

ቅጽ የመረጥኩት ቅጽ ስለማይራራ ነው። ሰው ቢጠይቀው ያመነታ ነበር፤ ሊዋሽም፣ ሊያለቅስም ይችል ነበር። ክፍት ቦታ ግን መሞላት አለበት። መጨረሻ ላይ ያሉት «ልጄ» እና «እናቴ»ም መጀመሪያ ስትሳፈር የተባሉት ቃላት ናቸው። ምንም አልጨመርኩም።

መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

ሁለት ጊዜ አንብቡት፣ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ። መጀመሪያ ምንም እንደማታውቁ ሆናችሁ፤ የሚጎረብጠውን ሁሉ አስምሩበት። ቀጥሎ ልጇ መሆኑን እያወቃችሁ፤ ልጅ የማይለውን፣ ልጅ የማያደርገውን አስምሩ። በሁለተኛው ቀለም የተሰመረው ነው ብዙውን ጊዜ የከፋው። እኔ ጋ ሾፌሩ በሯን ሲያንኳኳ የሚያሳይ መስመር ተገኘ። የገዛ ቤቱን በር! «በሩ ላይ ጠበቅኳት» ብዬ ቀየርኩት።

ከዚያ ለሰው ስጡ፤ ግን «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው። መሐል ላይ አስቁሙትና «ልጇ አሁን የት ያለ ይመስልሃል?» በሉት። «ሞቷል» ካለ መንገዱ ልክ ነው። ሲጨርስ ደግሞ «የቱ ቦታ ትዝ አለህ?» በሉት። ስለ ነጠላዋ ጫፍ ካወራ ተሳክቶላችኋል። «በጣም ገረመኝ» ብቻ ካለ ግን ደነገጠ እንጂ ወደ ኋላ የወሰደው ነገር አልነበረም።

አንድ መስመር ለመጀመሪያው ንባብ ጥሩ ሆኖ ለሁለተኛው ውሸት ከሆነብኝስ?

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ መሰረዝ ነው። ከመሰረዛችሁ በፊት ግን «ይህን የሚያውቅ ሰው ለምን እንዲህ ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ የታሪኩ ምርጥ ነገር እዚያ ተደብቆ ይገኛል።

ሾፌሩ መንገድ ላይ «ከሄደ ስንት ዓመት ሆነው?» ብሎ ይጠይቃታል። ለመጀመሪያ ንባብ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም፤ ሾፌር ወሬ ሲጀምር ነው። ለሁለተኛው ግን ገደል ነው። ጅቡቲ የኖረው ራሱ፣ ሰባት ዓመቱን የቆጠረው ራሱ፣ ምን ብሎ ይጠይቃታል? ሁለት ሳምንት ያህል ላወጣው ላስገባው ስል ከረምኩ። በኋላ ጥያቄውን አንድ ጊዜ ከማስጠየቅ በየቀኑ አስጠየቅኩት። የዛሬ ጭንቅላቷ የት እንዳለ የሚለካበት ሆነ። አንድ ቀን «ሰባት» ትለዋለች፣ ልክ ነው፣ ባጃጇን ፈጠን ያደርጋል። ሌላ ቀን «ሦስት» ትለዋለች። ጤና ጣቢያ የወሰዳት ዕለት ድልድዩ ላይ ጠየቃት። ዓይኗን እንደጨፈነች «ትናንትና» አለችው፤ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ ትቶ ታጠፈ።